ጥቅምት 15 ነው ኦክቶበር 15? የዕድር ዜና መጽሔት አራሚ ፊት ሲቀርብ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም፣ ኢትዮጵያውያን ካቋቋሟቸው ዕድሮችና ማኅበራት መካከል ለአባሎቻቸው አነስተኛ ዜና መጽሔት የሚያወጡ አሉ። እንዲህ ያለው ሕትመት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም፤ የጻፉት ሰዎች ግን ከገጾቹ ይበዛሉ። ሊቀመንበሩ መልእክታቸውን በአማርኛ ጽፈው ይልካሉ። ገንዘብ ያዡ የመዋጮውን ሠንጠረዥ በእንግሊዝኛ ያዘጋጃሉ። እዚያው ተወልደው ያደጉት የወጣት ክፍሉ አባላት ማስታወቂያቸውን በሁለቱም ቋንቋ ይጽፋሉ፣ ያውም አንዳንዴ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ። አንዷ አባል ደግሞ የሐዘን መግለጫውን በስልኳ ጽፋ በቴሌግራም ትልከዋለች። ይህ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ተለጥፎ፣ ማተሚያ ቤት ሊገባ አንድ ማታ ሲቀረው፣ «እስቲ አንዴ ዓይንህን ጣል አድርግበት» ተብሎ ለአንድ ፈቃደኛ ይሰጣል።

ፈቃደኛው ቀይ እስክሪብቶውን አንሥቶ መጀመሪያ የሚያድነው የፊደል ግድፈት ነው። «አመት» የሚለውን «ዓመት» ያደርጋል፣ የጎደለች ነጥብ ይጨምራል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ አምሽቶ ፋይሉን ይመልሳል። መጽሔቱ ከወጣ በኋላ ግን ስልክ የሚያስደውለው «አመት» በአልፋው አ መጻፉ አይደለም። ግማሹ አባል በተሳሳተ ቀን አዳራሹ በር ላይ መቆሙ ነው። በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ ዜና መጽሔት አደገኛ ስሕተቱ የሚደበቀው አንዱ ቋንቋ ያለውን ሌላው በማይልበት ቦታ ነው፤ ቀጥሎም ርዕሶችና ዝርዝሮች አንባቢውን በሚያሳስቱበት ቦታ። ስለዚህ ልምድ ያለው አራሚ ፊደሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። የሚከተለው የተለመደውን ዓይነት ማስታወቂያ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕትመት ያነበበ ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል።

```
ማስታወቂያ!!!
አመታዊ General Meeting ቅዳሜ ጥቅምት 15 ከ8:00 ጀምሮ
(October 15, 8:00 PM) ስለሚደረግ አባላት on time
እንድትገኙ:: ለልጆች Childcare ይኖራል
RSVP እስከ ጥቅምት 10
```

አምስት መስመር ነው። ለቸኮለ ዓይን ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ቃላት መቀላቀላቸው ብቻ ይመስላል። አራሚው ግን በመጀመሪያ የሚይዘው ቀኑን ነው። የሚይዝበትም ብልሃት ቀላል ነው፦ የሳምንቱን ዕለት ይፈትሻል። ዓመቱ 2018 ዓ.ም. ከሆነ መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው፣ ዕለቱም ሐሙስ። ከዚያ ሲቆጠር ጥቅምት 15 ቅዳሜ ላይ ይውላል፤ በፈረንጆቹ ደግሞ ኦክቶበር 25 ይሆናል። ኦክቶበር 15 ግን ረቡዕ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው በአማርኛው «ቅዳሜ» ያለውን በእንግሊዝኛው ረቡዕ አድርጎታል ማለት ነው። ጸሐፊው ወሩን ተርጉሞ ቁጥሩን እንዳለ አስቀምጦታል። ይህ ስሕተት በውጭ አገር ባሉ የአማርኛ ሕትመቶች እጅግ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በንግግሩ «ጥቅምት» እና «ኦክቶበር»ን እንደ አንድ ወር እያፈራረቀ ይጠራቸዋል፣ በመካከላቸው የአሥር ቀን ልዩነት እንዳለ ሳያስታውስ።

የአሥር ቀኑ ልዩነትም ቢሆን ቋሚ አይደለም። በመስከረምና በጥቅምት አሥር የነበረው በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ዘጠኝ፣ በጥር ወደ ስምንት ዝቅ ይላል፣ በነሐሴ ስድስት ይደርሳል። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ እስከ የካቲት ድረስ አንድ ቀን ይጨመርበታል፤ ለምሳሌ ጳጉሜን 2019 ስድስት ቀን ስለምትሆን የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን ላይ ይውላል። አራሚው ይህን በቃሉ ማስላት አይጠበቅበትም። ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚያሳይ ካላንደር አጠገቡ አስቀምጦ እያንዳንዱን ቀን ከነዕለቱ መፈተሽ ግን የግድ ነው። የሳምንቱ ዕለት በማስታወቂያው ላይ ካልተጻፈ ራሱ እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ ዕለቱ ካለ ማንኛውም አንባቢ ስሕተቱን ሊያጋልጥ ይችላልና።

ቀጥሎ ሰዓቱ አለ፣ እሱም የባሰ ነው። «ከ8:00 ጀምሮ» የሚለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ በአሜሪካ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሁለት። በቅንፍ የገባው ግን ማታ ስምንት ሰዓት ይላል፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ሁለቱ በስድስት ሰዓት ይለያያሉ። ዕለቱ ሊያድነን አይችልም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ሰዓቶች ቅዳሜ ላይ ናቸው። የሕፃናት ማቆያ መኖሩ ግን ፍንጭ ይሰጣል፤ ከሁለት ልጆች ጋር ቅዳሜ ማታ የሚካሄድ ጠቅላላ ጉባኤ ብዙም አይታሰብም። ፍንጭ ግን ማስረጃ አይደለም። አራሚው ገምቶ ማረም የለበትም፤ ጸሐፊውን ደውሎ መጠየቅ አለበት፣ ከተቻለም የአዳራሹን የኪራይ ውል ማየት። ውሉ ላይ ያለው ሰዓት ነው እውነተኛው፣ አዳራሹ የሚከፈተው በእሱ ነውና።

በአማርኛው በኩል ቁጥሩን ብቻውን መተው አይበቃም። «ከቀኑ 8 ሰዓት» ሲባል «ከቀኑ» የምትለዋ ቃል ሥራ አላት። ውጭ አገር ረጅም ዓመት የኖረ ሰው ግን አማርኛ እየጻፈ በፈረንጅ ሰዓት ሊያስብ ይችላል፤ «ከቀኑ 2 ሰዓት» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ በልቡ ከሰዓት በኋላ ሁለት ማለቱ ነው። በአንድ ሕትመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት አቆጣጠር ከተገኘ አርታኢው አንዱን መርጦ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በግልጽ ማሳወቅ አለበት። ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት የሚገባ እንግዳ ካለ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጨመራል። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በበጋ ሰባት ሰዓት ነው፣ አሜሪካኖቹ በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ስምንት ይሆናል። በጥቅምት የተዘጋጀ መጽሔት የኅዳሩን ስብሰባ ሰዓት በሰባት አስልቶ ከጻፈ አዲስ አበባ ያለው ተናጋሪ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይገባና ባዶ ስክሪን ያገኛል።

ቀኑና ሰዓቱ ከተጣራ በኋላ ወደ ቋንቋው ቅልቅል መሄድ ይቻላል። እዚህ ላይ ሁለት ጽንፈኞች አሉ። አንዱ እንግሊዝኛ የምትመስል ቃል ሁሉ ትውጣ ባይ ነው፤ «ኢሜይል»ን ሳይቀር ከመዝገበ ቃላት በተፈለገ፣ ማንም በማይለው ቃል ይተካል። ሌላው ደግሞ «ሰው የሚናገረው እንዲህ ነው» ብሎ ሁሉንም እንዳለ ይተወዋል። ሁለቱም አንባቢውን አያዩም። አንባቢው ከአንድ ፊደል ወደ ሌላ ፊደል በገባ በወጣ ቁጥር ዓይኑ ትንሽ ይቆማል፤ አዛውንቷ እናት ላቲኑን ላያነቡት ይችላሉ፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ግዕዙን።

በተግባር የሚሠራው መለኪያ አንባቢው ቃሉን ምን ያደርገዋል የሚለው ነው። ተነግሮ የሚያልፍ ቃል ከሆነ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፦ ፎርም፣ ኢሜይል፣ ኮሚቴ፣ ሰርተፊኬት። አማርኛ ያለው ደግሞ በአማርኛው፦ ጠቅላላ ጉባኤ፣ በሰዓቱ፣ የሕፃናት ማቆያ። አንባቢው በስልኩ ላይ የሚመታው ነገር ከሆነ ግን በላቲን ፊደል አንድም ሳይቀየር ይቀመጣል፤ የኢሜይልና የድረ ገጽ አድራሻ በግዕዝ ቢጻፍ የትም አያደርስም። የመንገድ ስም ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል፦ አሽከርካሪው «ጆርጂያ አቬኑ» ብሎ ይጠይቃል፣ የካርታው ስልክ ግን Georgia Avenue ተብሎ እንዲጻፍለት ይሻል።

እንዲህ ያለውን የላቲን ጽሑፍ በራሱ መስመር ላይ ማስቀመጥ ሌላም ጥቅም አለው። አማርኛ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ ይወዳል፤ «በ»፣ «የ»፣ «ለ» ከፊት፣ «ን» እና «ው» ከኋላ ይለጠፋሉ። ከላቲን ቃል ጋር ሲገጥሙ «በZoom»፣ «flyerኡን» የሚሉ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ ቃላት ይወለዳሉ። ከዚያ የባሰው ከአድራሻ ጋር ሲጣበቁ ነው። በኢሜይል አድራሻ ጫፍ ላይ «ን» ከተለጠፈች ወይም አራት ነጥብ ከተጠጋች፣ አንባቢው ገልብጦ ሲለጥፈው እሷም አብራ ትሄዳለች፣ መልእክቱም ተመልሶ ይመጣል። አድራሻው ከሁለት ነጥብ ከሰረዝ በኋላ ለብቻው ቢቀመጥና ምንም ምልክት ባይከተለው ችግሩ አይኖርም።

አማርኛና እንግሊዝኛ ቢያንስ ሁለቱም ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋሉ። በእስራኤል ያሉ ኢትዮጵያውያን አማርኛን ከዕብራይስጥ ጋር ሲያቀላቅሉ ግን አራሚው ተጨማሪ ዓይን ያስፈልገዋል። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ በሁለቱ ድንበር ላይ ያለ ቅንፍ ሊገለበጥ፣ ቁጥርም ቦታውን ስቶ ከሌላው ቃል ጋር ሊጠጋ ይችላል። ፋይሉ ላይ የተጻፈው ትክክል ሆኖ ሳለ የታተመው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ እዚያ እያንዳንዱን ቋንቋ በየራሱ መስመር መለየት ለውበት የሚደረግ አይደለም፣ ስልክ ቁጥሩ እንዳይዛነፍ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ምሳሌው፣ ጸሐፊው ተጠይቆ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦

```
ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
አባላት በሰዓቱ እንድትገኙ እናሳስባለን። የሕፃናት ማቆያ ይኖራል።
የምትመጡ አባላት እስከ ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ድረስ አሳውቁን።

Annual General Meeting
Saturday, October 25, 2025, 2:00 PM
Childcare provided. Please reply by Monday, October 20.
```

አንድ ነገር ልብ ይሏል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ «እንድትገኙ» ብሎ በአራት ነጥብ ቆሞ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጽ አልነበረውም። ቅልቅል ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ጉድለት ይሸፍናል፣ ምክንያቱም አንባቢው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲዘል የጎደለውን ግስ ራሱ ሞልቶ ያልፋል። ቋንቋዎቹ ሲለያዩ ነው ቀዳዳው የሚታየው። አራሚው ሊያደርገው የማይገባው ደግሞ አለ፦ «እናሳስባለን» የሚለው ጠንከር ይላል ብሎ «በአክብሮት እንጋብዛለን» ማድረግ የእሱ ሥልጣን አይደለም። ዕድር ስብሰባ የቀረን አባል የሚቀጣ ከሆነ ማሳሰብና መጋበዝ አንድ አይደሉም።

«ማስታወቂያ!!!» የሚለው ርዕስ መውደቁም ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ እትም ውስጥ አራት ማስታወቂያ ካለና አራቱም «ማስታወቂያ» ከተባሉ ርዕሱ ለአንባቢው የሚነግረው ነገር የለም። ርዕስ አንባቢው ገጹን ሲያገላብጥ የት እንደሚቆም የሚያሳየው ምልክት ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩን ራሱን መሰየም አለበት።

ርዕሶችን ለማረም ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ጽሑፉን ጨርሶ አለማንበብ ነው። አራሚው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ርዕሶቹን ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ በተርታ ይገለብጣቸዋል። ያን ጊዜ በገጽ ላይ ተበታትነው የማይታዩ ነገሮች ፊት ለፊት ይመጣሉ፦ «የሊቀመንበሩ መልእክት»፣ «ስለ መዋጮ፦»፣ «YOUTH CORNER»፣ «አዲስ አባላትን እንቀበል!»፣ «3. የሐዘን መግለጫ»። አንዱ በሁለት ነጥብ ከሰረዝ ያበቃል፣ ሌላው በቃለ አጋኖ። አንዱ ቁጥር አለው፣ አንድና ሁለት ግን የሉም። ቁጥሩ የመጣው ጸሐፊዋ ከሌላ ሰነድ ቀድታ ስለለጠፈችው ይሆናል።

የእንግሊዝኛው ርዕስ ሁሉ በትልልቅ ፊደል መጻፉ የራሱን ችግር ያመጣል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። እንግሊዝኛው በትልቅ ፊደል ሲጮህ አጠገቡ ያለው እኩል ደረጃ ያለው የአማርኛ ርዕስ ንዑስ ርዕስ ይመስላል፣ የወጣቱ ገጽ ከሊቀመንበሩ መልእክት በላይ የከበረ ያህል። ስለዚህ በሁለት ፊደል በሚወጣ ሕትመት የርዕስን ደረጃ ለመለየት መጠንና ድምቀት ብቻ መጠቀም ይመረጣል። ግዕዙን ማዝመምም አይመከርም፤ ፊደሉ ለዚያ ስላልተቀረጸ ኮምፒዩተሩ በግድ ያጋድመዋል፣ ለንባብም ያስቸግራል።

ርዕሶቹ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ በእጅ እያንዳንዱን ማድመቅ አድካሚ ነው፣ አስተማማኝም አይደለም። ማይክሮሶፍት ዎርድ ውስጥ ዋናውን ርዕስ Heading 1፣ ንዑሱን Heading 2 ማድረግ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ መጠኑን አንድ ቦታ ላይ መቀየር ሁሉንም ይቀይራል። በእርግጥ ይህ መደረጉን ለማወቅ Navigation Pane የሚለውን መክፈት ነው። በእጅ የደመቀ ርዕስ እዚያ አይታይም፤ በዓይን ርዕስ ቢመስልም ለፕሮግራሙ ተራ አንቀጽ ነውና።

ዝርዝሮች ከርዕሶች የበለጠ ይከብዳሉ፣ ምክንያቱም ጥፋታቸው ከመልክ አልፎ ሰዋስው ውስጥ ይገባል። ይህን የግዴታ ዝርዝር እንመልከት፦

```
አባላት:
1. መዋጮ በወቅቱ መክፈል
2- አድራሻ ሲቀይሩ ያሳውቁ
ሐ) ለቀብር volunteer ማድረግ አለባቸው
• ሦስት ስብሰባ የቀረ ይቀጣል
```

ምልክቶቹ አራት ዓይነት መሆናቸው በግልጽ ይታያል፤ እሱን ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዋናው ጥፋት ግን «አባላት» የሚለው መግቢያ ነው። እንግሊዝኛ ግሱ ከፊት ስለሚመጣ «አባላት አለባቸው» ብሎ ቆሞ ተራውን መደርደር ይችላል። አማርኛ ግሱን ለመጨረሻ ያስቀምጣል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን አቀማመጥ የገለበጠ ሰው «አለባቸው»ን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል፤ ወይ በሁሉም መስመር ይደጋግመዋል፣ ወይ በአንዱ ላይ ብቻ ይጥለዋል፣ እዚህ ሦስተኛው ላይ እንዳረፈው። መፍትሔው መግቢያውን በራሱ የቆመ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ማድረግና ከሥሩ ያሉትን ሁሉ በአንድ ዓይነት መጨረስ ነው።

```
እያንዳንዱ አባል የሚከተሉት ግዴታዎች አሉበት፦
ሀ) ወርሃዊ መዋጮን በወቅቱ መክፈል፤
ለ) አድራሻ ሲቀይር ለጸሐፊው ማሳወቅ፤
ሐ) በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ማገልገል።
```

አራተኛው የት ሄደ? «ሦስት ስብሰባ የቀረ ይቀጣል» ግዴታ አይደለም፣ ቅጣት ነው። ከዝርዝሩ ወጥቶ ራሱን የቻለ ዐረፍተ ነገር መሆን አለበት። ሲወጣ ደግሞ ተደብቆ የነበረ ጥያቄ ያነሣል፦ ሦስት ስብሰባ በተከታታይ ነው ወይስ በዓመት ውስጥ? አራሚው መተዳደሪያ ደንቡን ሳያይ መልሱን ሊጽፍ አይችልም። ዝርዝር ሲስተካከል እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ አባላት በጉባኤ ላይ የሚጨቃጨቁባቸው አንቀጾች አንዳንዶቹ መነሻቸው በነጥብ ተደርድረው የገቡ ያላለቁ ሐሳቦች ናቸው።

የአነጋገር ደረጃም በዝርዝር ውስጥ ይዛነፋል። «ያሳውቁ» አንቱታ ነው፣ «አሳውቁ» ብዙዎችን ማነጋገር ነው፣ «አሳውቅ» ደግሞ አንዱን። በአንድ ዝርዝር ሦስቱም ከተገኙ አንባቢው እየከበረ እየተዋረደ ይወርዳል። ለአባላት በጠቅላላው በ«እናንተ» መጻፍ ለዕድር መጽሔት የሚስማማ ይመስላል፤ በስም የተጠራን ሰው ግን በአንቱታ።

በቁጥር ወይስ በፊደል የሚለው ምርጫም ቀላል መሠረት አለው። ቅደም ተከተል ያለው ነገር ቁጥር ይፈልጋል፤ «ሞት ሲያጋጥም መጀመሪያ ለማን ይደወላል፣ ቀጥሎ ምን ይደረጋል» የሚለው ዝርዝር ለምሳሌ በቁጥር ካልሆነ አንባቢው በዚያ ጭንቅ ሰዓት መጀመሪያውን አያገኘውም። በኋላ «በተራ ፊደል ሐ በተገለጸው መሠረት» ተብሎ የሚጠቀስ ከሆነ ፊደል ይሻላል። የፊደሉ ተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። ሊቃውንቱ የሚያውቁት አ፣ በ፣ ገ፣ ደ የሚል ሌላ ተራም አለ፤ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ቃላቱን የደረደረው በዚያ ነው። ለዕድር ማስታወቂያ ግን ሀሁው ይበቃል።

አሁን ፊደሉ ጋ ተደረሰ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። የትኛው የት ይግባ የሚለው ክርክር አሮጌ ነው፣ በዜና መጽሔት አራሚ ጠረጴዛ ላይም አያልቅም። ከላይ የተጠቀሰው መዝገበ ቃላት በርዕሱ ላይ «ዐዲስ» ብሎ በዐይኑ ዐ ይጽፋል፤ ዛሬ እንደዚያ የሚጽፍ ጥቂት ነው። አራሚው የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው፣ በላዩ ላይ ማኅበሩ የመረጠው አጻጻፍ የሰፈረበት፦ ዓመት፣ ሰዓት፣ ጸሎት፣ ኃላፊ፣ ሥራ። ምርጫው ይህ ይሁን ያ፣ በገጽ 2 «ጸሎት» በገጽ 5 «ፀሎት» እንዳይሆን ነው ዋናው። ፋይሉ ውስጥ «ጸሎት» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ፀሎት»ን አያገኘውምና።

እዚህ ላይ የብዙ ትጉ አራሚዎችን ልፋት ያበላሸ አንድ ትእዛዝ አለ፣ Ctrl+H። አንድ ሰው «ሐን ሁሉ ሀ ላድርግ» ብሎ በአንድ ጊዜ ይተካል። ቃላቱ አንድ ወጥ ይሆናሉ። ዝርዝሮቹን ሲያይ ግን ሀ፣ ለ፣ ሀ፣ መ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ሦስተኛው ተራ ፊደል ሐ ነበርና። ሠን በሰ ከተካ ደግሞ አምስተኛውና ሰባተኛው አንድ ይሆናሉ። ከዚያ ይልቅ የሚያስቆጣው ስሞቹ ናቸው። ሠናይት ስሟን በንጉሡ ሠ የምትጽፍ ከሆነ ማንም ሊቀይርባት አይገባም፤ በሐዘን መግለጫ ላይ የሟች ስም ፊደሉ ተለውጦ ሲወጣ ቤተሰቡ እንደ ንቀት ያየዋል። ስለዚህ መተካት ካስፈለገ ቃል በቃል እየታየ ነው፣ ሙሉ ቃሉን ጽፎ፣ አንድ በአንድ እየተፈቀደ።

የአባላት ዝርዝር ላይም ይኸው ፊደል ሌላ ነገር ያመጣል። ኮምፒዩተር ስሞችን በተራ ሲደረድር በውስጡ ባለው የፊደል ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው፣ ለእሱ ደግሞ ሀ እና ኀ ሁለት የተራራቁ ፊደላት ናቸው፤ ኀ የሚመጣው ከቸ በኋላ ነው። በዚህም ሀይሉ ከዝርዝሩ አናት ላይ ሲቀመጥ ኃይሉ ከተስፋዬ ሥር ይገኛል። ስሙን ያጣ አባል «ከማኅበሩ ሰረዙኝ» ብሎ ቢደውል አይፈረድበትም።

ነጥቦቹ ይቀራሉ። ፋይሉ ውስጥ ሦስት ዓይነት አራት ነጥብ ሊኖር ይችላል፦ እውነተኛው ። አንድ ምልክት የሆነው፣ ሁለት የግዕዝ ሁለት ነጥብ ተጣምረው የተሠራው ፡፡ እና ሁለት የላቲን ነጥቦች ተደርድረው የተሠራው :: ናቸው። በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ። ሁለቱን ተተኪዎች እየፈለጉ በ። መለወጥ፣ ከሌላው መተካት በተለየ፣ እምብዛም ጉዳት የለውም። ከነጥቡ በፊት ያለውን ክፍተትም አብሮ ማጥፋት ነው፤ ክፍተት ካለ አራት ነጥቡ ከዐረፍተ ነገሩ ተነጥሎ ለብቻው ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ሊወርድ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ፋይሉ በወረቀት ይታተምና ሁለት ሰው ይቀመጥበታል። አንዱ የአማርኛውን ማስታወቂያ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የእንግሊዝኛውን በጣቱ ይከተላል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የገንዘብ መጠንና ስልክ ቁጥር በተነበበ ቁጥር «አለ» ይላል። ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ ይነበባል። ከተቻለ ደግሞ በቁጥሩ ይደወላል፤ የሌላ ሰው ቤት ከጠራ ይታወቃል። አንባቢው ብቻውን ሲያርም ዓይኑ የሚጠብቀውን ያያል፣ ጽሑፉን ራሱ የጻፈው ከሆነ ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ ያ ሁለተኛው ሰው ጽሑፉን አስቀድሞ ያላየ ቢሆን ይመረጣል፤ እንግሊዝኛው የሚቀናው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለዚህ ሥራ ከብዙ ኮሚቴ አባል ይሻላል።

እርማቶቹ ከገቡ በኋላም የተነካው መስመር ሁሉ ከነጎረቤቱ እንደገና ይታያል፣ ምክንያቱም አንድ ቃል ሲረዝም የተከተለው መስመር ይገፋል፣ ርዕስም ከጽሑፉ ተለይቶ ብቻውን የገጽ ግርጌ ላይ ሊቀር ይችላል። ስሕተቱ ከታተመ በኋላ ከተገኘ ደግሞ ማስተካከያው አጭር መሆን አለበት። የስልክ መልእክቱ የሚላከው ለሁሉም አባል ነው፣ መጽሔቱን ላላነበበውም ጭምር፤ በውስጡ የሚጻፈውም ትክክለኛው ቀን ከነዕለቱ በሁለቱም ቋንቋ ብቻ ነው። «ጥቅምት 15 እንጂ ኦክቶበር 15 አይደለም» ብሎ ሁለቱን ማነጻጸር አይበጅም፣ በችኮላ የሚያነብ ሰው የትኛው እንደተሰረዘ ሳያጤን አንዱን ቁጥር ይዞ ይሄዳልና።